ባለቤቴ ለፍልሰታ አረቄ ሊያቆም ነው፤ አምና ሲያቆም ግን ወድቆብኝ ነበር

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ አረቄ መጠጣት ከጀመረ ቆይቷል፤ ላለፉት ሦስት ዓመታት ግን ሳይቀምስ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። በቀን አንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይጨርሳል። ጠዋት አንድ ሁለት መለኪያ ካላለ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የሻይ ብርጭቆ እንኳን አይዝም። ቢሆንም ከሥራው አይቀርም፣ አይሳደብም፣ እጁንም አንስቶብኝ አያውቅም።

አምና ለፍልሰታ አቆማለሁ ብሎ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ጠጣ። እሑድ ሲያልበውና ሲያቅለሸልሸው ዋለ፤ ሌሊቱን ዓይኑ አልተከደነም። ለሰኞ አጥቢያ 10 ሰዓት ገደማ ሰውነቱ ተገታትሮ ወደቀ፣ ተንፈራገጠ፣ አረፋ ደፈቀ። ጎረቤት ክብሪት ጭሮ አሸተተው። ሲነቃ እናቱ አረቄ አቀመሱትና ተረጋጋ፤ በዚያው ወደ መጠጡ ተመለሰ።

ዘንድሮም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሊያቆም ተስሏል። ገዳም ገብቶ ሁለቱን ሱባዔ በጸበልና በጥሬ ሊቆይ ነው። እናቱ አምና የወደቀው ሊለቀው ሲል ነው ይላሉ። እኅቱ ደግሞ ቤት ቆልፈንበት እናስተወው ትላለች። ማቆሙን ከማንም በላይ እኔ እፈልጋለሁ፤ ያየሁት ግን ከዓይኔ አልጠፋም። ዝም ብዬ ልሸኘው ወይስ ላስቀረው?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

*

እኅቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ባለቤትሽም ላቁም ማለቱ ልክ ነው። የሚያስፈራው አረቄውን መተዉ ሳይሆን ከተወ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት የት ሆኖ፣ ከማን ጋርና ምን እየወሰደ ያሳልፋቸዋል የሚለው ነው። ስለዚህ ምርጫሽ መሸኘትና ማስቀረት ብቻ አይደለም፤ ሦስተኛ መንገድ አለ፣ ስለቱንም አያስፈርስም። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን አምና በቤታችሁ የሆነውን በሰዓቱ ልንገርሽ፤ ዘንድሮ ምን ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳየው እሱ ነውና።

መጀመሪያ መጠኑን እንይ። አረቄ እንደ አወጣጡ ይለያያል፤ ከመቶ 40 ያህሉ ንጹሕ አልኮል ነው ብንል፣ በግማሽ ሊትር ውስጥ 160 ግራም ገደማ አልኮል አለ። ይህ በቀን 12 ጠርሙስ ቢራ እንደ መጠጣት ነው። እሱ ሰክሮ ስለማይንገዳገድና ከሥራ ስለማይቀር መጠኑ ከባድ ላይመስል ይችላል። ሰውነቱ ግን ያን ሁሉ ተሸክሞ እንዲቆም ተለማምዷል፤ አደጋውም ከዚሁ መለማመድ ይመጣል።

አልኮል አእምሮን ያቀዘቅዛል። በየቀኑ ሲገባ አእምሮ እንደነቃ ለመቆየት ሲል የራሱን ማረጋጊያ ያደክምና ማነቃቂያውን ያጠነክራል። አንድ ሰው በርን ከውጭ ሲገፋ ሌላው ከውስጥ በሙሉ ጉልበቱ እየገፋ ይመልሰዋል እንበል፤ ለዓመታት እንዲህ ሲገፋፉ በሩ የቆመ ይመስላል። የውጪው ሰው ድንገት ቢለቅ የውስጡ በራሱ ጉልበት በግንባሩ ይደፋል። አረቄው በአንድ ሌሊት ሲቀር በባለቤትሽ አእምሮ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። የተነቃቃው አእምሮ ወደ ልኩ እስኪመለስ ቀናት ይፈጅበታል፤ በነዚያ ቀናት የሚይዘው ነገር የለም።

አሁን አምናን እናስታውስ። የመጨረሻው መለኪያ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ነበር። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ይመጣሉ፦ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት። በእናንተ አቆጣጠር ይህ ከእሑድ ሌሊት 9 ሰዓት እስከ ጠዋት 3 ሰዓት መሆኑ ነው። እሑድ ሲያልበው የዋለው ለዚህ ነው። በየማለዳው የሚንቀጠቀጠውም ለዚሁ ነው፤ ከእራት በኋላ ጠጥቶ እስኪነጋ ያለችው ክፍተት ትንሽ ማቆም ናት፤ ጠዋት የሚቀምሳት መለኪያ ታስታግሰዋለች። አንድ ሰው ጠዋት እጁን ለማረጋጋት መጠጣት ካስፈለገው፣ በራሱ ድንገት ለማቆም ከማይመከሩት ሰዎች ነው። ይህን ለሐኪሙ ሳትረሺ ንገሪው።

ቀጥሎ መንፈራገጡ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይከሰታል፤ አንድ ቀን ገደማ ሲሞላ ደግሞ ይበዛል። ባለቤትሽ ለሰኞ አጥቢያ 10 ሰዓት ሲወድቅ 31 ሰዓት ሆኖት ነበር። ልክ በሚጠበቅበት ጊዜ ነው የመጣው። አማትሽ ሊለቀው ሲል ነው ማለታቸው ከእናት ተስፋ የመጣ ነውና አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን የወደቀው አእምሮው ከአረቄው በድንገት ስለተነጠለ ነው። አረቄ ሲቀምስ የተረጋጋውም ለዚህ ነው፤ የለቀቀው ገፊ ተመለሰ። ያን ጠዋት ስለሰጡት ማንም ራሱን እንዳይወቅስ እፈልጋለሁ፤ ያላችሁት እሱ ብቻ ነበር። እንደ መፍትሔ ግን ሊያዝ አይችልም። ገና አእምሮው ያልጠራ ሰው አረቄውን ወደ ሳንባው ሊያስገባው ይችላል፤ ለቀጣዩ ጊዜም የሚያደርገው ነገር የለም።

ያላያችሁት ግን ከዚያ በኋላ ሊመጣ የነበረውን ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አምና ሰኞ ጠዋት አረቄ ባይሰጠው ኖሮ፣ ከሰኞ ማታ እስከ ረቡዕ ማታ፣ ማለትም ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚሉት ሁኔታ ሊይዘው ይችል ነበር። ከሚያቆሙት ሰዎች ሁሉ የሚደርስባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ሲያቆሙ ተንፈራግጠው ካልታከሙት ግን ከሦስቱ አንዱ ገደማ ወደዚያ ይሄዳል። እንዲህ የሆነ ሰው ያለበትን ቦታና ቀኑን አያውቅም። ሚስቱን በሌላ ሰው ስም ይጠራል። ብርድ ልብሱን እየቆነጠረ የሌለ ትል ይለቅማል፣ ግድግዳ ላይ የሚሄድ ነገር አየሁ ይላል፣ ይጮኻል፣ ሊሸሽ ይነሣል። ሰውነቱ ይግላል፣ ላቡ ልብሱን ያበሰብሳል፣ ደም ግፊቱና የልቡ ምት ይንራል። መድኃኒቱ ባልነበረበት ዘመን ይህ ከያዛቸው ሰዎች እስከ ሦስተኛው እጅ ድረስ ይሞቱ እንደነበር በሕክምና ጽሑፎች ሰፍሯል። ዛሬ በወቅቱ ከታከሙት ውስጥ የሚሞቱት ከ100 ከ5 ያነሱ ናቸው። ልዩነቱን የፈጠረው በሰዓቱ ሕክምና ማግኘት ነው።

አንድ ነገር እንዳያደናግርሽ። አንዳንድ ሰው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን የሌለ ድምፅ ይሰማል ወይም የሌለ ነገር ያያል፤ ሆኖም የት እንዳለ ያውቃል፣ ስትጠሪው ይመልስልሻል፣ ቀኑን ይነግርሻል። ይህም ሕክምና ይፈልጋል፤ ግን ከላይ ካልኩሽ የተለየ ነው። የሚለየውም መደናገሩ ነው። ስለዚህ "ምን ታያለህ?" ከማለት ይልቅ "የት ነን? ዛሬ ምን ቀን ነው? እኔ ማን ነኝ?" ብለሽ ጠይቂው። እነዚህ ሲጠፉበት አንድ ሰዓት እንኳን የሚጠበቅ አይደለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከመኪና መንገድ ርቆ በሚገኝ ገዳም፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሌሊት ቢመጣ ምን እንደሚሆን አስቢው። እዚያ የሚጮኽና የሌለ ነገር የሚያይ ሰው ርኩስ መንፈስ ይዞት ነው ሊባል ይችላል፤ እስኪያልፍለት ታስሮ እንዲቆይም ሊደረግ ይችላል። አስረው የሚያቆዩት በፍቅር ነው፤ እሱ ግን በዚያ ሰዓት እየጋለ፣ ውኃው እያለቀ፣ ልቡ እየዛለ ነው። የእኅቱም ሐሳብ ከዚህ አይለይም። የተቆለፈ ቤት አረቄውን ይከለክላል እንጂ መንፈራገጡን አይከለክልም፤ በዚያ ላይ ሲወድቅ የሚያየው ሰው አይኖርም።

ጥሬውም ያሳስበኛል። ለዓመታት አረቄ የጠጣ ሰው ቫይታሚን ቢ 1፣ ታያሚን የሚባለው፣ በሰውነቱ ውስጥ ይመናመናል፤ ምግብ ስለሚቀንስ ብቻ ሳይሆን አልኮሉ ራሱ አንጀት እንዳይወስደው ስለሚያደርግም ነው። በዚህ ላይ ሲያስታውክ ከርሞ በቀን አንዴ ጥሬ ብቻ ቢቀምስ፣ የቀረችውም ታልቃለች። ያኔ ሳይጠጣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይርገበገባል ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፣ ይደናገራል። በመርፌ ታያሚን ቶሎ ካልተሰጠው ማስታወሱን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል፤ የዛሬን ነገር ለነገ መያዝ ያቅተዋል። ሦስቱ ምልክቶች አንድ ላይ እስኪሟሉ አትጠብቂ፤ አንዱ ከታየ በቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። ማቆምና መመለስ በተደጋገመ ቁጥር ቀጣዩ ማቆም ይከብዳል። አእምሮ ያለፈውን መናወጥ አይረሳም፤ ባለፈው ላብና መንቀጥቀጥ ብቻ የነበረው በቀጣዩ መንፈራገጥ ሊሆን ይችላል፣ መንፈራገጥ የነበረውም ወደ መደናገር ሊያልፍ ይችላል። "አምናም ወድቆ ተነሥቷል፣ ዘንድሮም ይነሣል" የሚልሽ ሰው ካለ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አምና መውደቁ ዘንድሮ እቤትም ሆነ ገዳም ብቻውን እንዳያቆም የሚያስጠነቅቀው ትልቁ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው መንገድ እንምጣ። ነሐሴ 1 ጾሙ የሚጀመርበት ቀን እንጂ መጠጡ የሚቆምበት ቀን መሆን የለበትም። ባለቤትሽ ከዚያ ስምንት ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 22 ገደማ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ቢያቆም፣ አደገኞቹ ቀናት ፍልሰታ ሳይገባ ያልፋሉ። ነሐሴ 1 ሲነጋ እንደ ስለቱ ከአረቄ ነጻ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ይቆማል። እንዲህ ብታቀርቢለት ቃሉን እንዲያጥፍ እንዳልጠየቅሽው ይገባዋል ብዬ አስባለሁ።

ተኝቶ የምልሽ ሆን ብዬ ነው። መንፈራገጥ ኖሮበት የማያውቅ፣ መጠኑም አነስተኛ የሆነ ሰው መድኃኒት እየወሰደ፣ በየቀኑ እየታየ እቤቱ ሊያቆም ይችላል። ባለቤትሽ ግን ከነዚያ አይደለም። ደብረ ብርሃን ባለው ሆስፒታል ጀምሩ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቁ። አልጋ ከጠፋ ወይም ወደ አዲስ አበባ ከተላካችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በጳውሎስ ሆስፒታልም የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ቀድማችሁ ሄዳችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ ለዚህ ነው ቀኑን ከአሁኑ የምቆጥርልሽ።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ምን ያድርግ ትይኝ ይሆናል። የምመልስልሽ ለጆሮሽ እንግዳ ነው፤ እንደ ልማዱ ይጠጣ። አይጨምር፣ ግን በድንገት አያቁም። አንቺም ሃይላንዱን አትድፊበት፣ አትደብቂበት። ከመጠጡ ጋር ምግብ ይብላ፣ ውኃም ይጠጣ። ይህ ለመጠጡ ፈቃድ መስጠት አይደለም፤ መድኃኒቱ ያለበት ቦታ እስኪደርስ እንዳይወድቅ ነው።

ሐኪሙ ዘንድ ስትገቡ የመጀመሪያው ቃልሽ "አምና ሲያቆም ወድቆ ተንፈራግጧል" የሚል ይሁን። ከዚያ በቀን ስንት እንደሚጠጣ፣ የመጨረሻውን ስንት ሰዓት እንደጠጣ፣ ጠዋት እንደሚንቀጠቀጥ ተናገሪ። መጠጡን ሳያቆም ወድቆ ያውቃል? ሲወድቅ ጭንቅላቱን መቶት ነበር? ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ያውቃል? ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ? እነዚህን ከአሁኑ አስቢባቸው። ሰው ሲያፍር የሚጠጣውን በግማሽ ቀንሶ ይናገራል፤ የሚታዘዝለት መድኃኒት ግን የሚለካው በዚያ ነው። ስለዚህ ብታፍሪም አብረሽው ግቢ። አወዳደቁን በትክክል መናገርም ለሌላ ነገር ይጠቅማል። ከመጠጥ ማቆም ጋር ብቻ የሚመጣ መንፈራገጥ እንደ ሌላው የሚጥል በሽታ ለዓመታት መድኃኒት የሚወሰድለት አይደለም፤ መቼ እንደወደቀ ካልተነገረ ግን እንዲያ ተብሎ ሊታይ ይችላል።

እዚያ የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ዳያዜፓም ነው። አረቄው ያስለመደውን ማረጋጋት ለጊዜው ተክቶ አእምሮው ቀስ እያለ እንዲመለስ ያደርጋል፤ በመጀመሪያው ቀን ከፍ ብሎ ይጀመርና በአምስት ሰባት ቀን ውስጥ እየተቀነሰ ይቆማል። ነርሶች በየሰዓቱ መንቀጥቀጡን፣ ላቡን፣ ደም ግፊቱን፣ መደናገሩን እያዩ መጠኑን ያስተካክላሉ። እባክሽ ይህን መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝታችሁ እቤት እንዳትሞክሩት። ዳያዜፓም ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ እስከማቆም ያደርሳል፤ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ ሌላ መድኃኒትና ሌላ መጠን ያስፈልገዋል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በትሕትና ጠይቂልኝ። ሰው ደክሞ ሲገባ ቶሎ ግሉኮስ ይሰቀልለታል። ለዓመታት ለጠጣ ሰው ግን ታያሚን ከግሉኮሱ ቀድሞ ወይም አብሮት ሊሰጠው ይገባል፤ ግሉኮሱ የቀረችውን ቫይታሚን ስለሚጨርሳት። "ቢ 1 መርፌ ተሰጥቶታል?" ብለሽ ብትጠይቂ ማንም አይቆጣሽም። ስኳሩ በጣም ወርዶ ከተገኘ ግን ግሉኮሱ አይዘግይ፤ ቢ 1 አብሮ ይሰጠዋል።

ከቀጠሮው በፊት በራሱ አቁሞ ብታገኚውስ? ሰዓቱን ያዢ፤ የመጨረሻውን መቼ እንደጠጣ ጠይቂው። መንቀጥቀጥና ላብ ከጀመረው ነገ ሳትይ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጂው፤ የሱ ታሪክ ስለሚያስፈራ ሌላ ምልክት አትጠብቂ። ከወደቀ በጎኑ አስተኚው፣ ጭንቅላቱ ሥር ጋቢ ወይም ነጠላ አድርጊ፣ ዙሪያውን ያለውን ነገር አርቂ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቢ፣ በጉልበት አትያዙት። ክብሪት ማሽተቱ ምንም አይጠቅመውም፤ ሊያቃጥለው ይችላል። እስኪነቃ ድረስ ውኃም ጸበልም አረቄም በአፉ አይግባ። ሰዓት ተመልከቺ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አስቸኳይ ነው። በራሱ ቢነቃም እንኳን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግባ፤ ከመውደቁ በኋላ ምን ሊከተል እንደሚችል ነግሬሻለሁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ የሚዘገይ ከሆነ ባገኛችሁት መኪና ውሰዱት።

አሁን ከባዱ ነገር ይህን ለሱ መንገር ነው። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ እሱ አምና የሆነውን አያስታውሰውም። የተንፈራገጠ ሰው የሚያውቀው ከነቃ በኋላ ሰዎች የነገሩትን ብቻ ነው። አንቺ በዓይንሽ ያየሽውን እሱ በወሬ ነው የሰማው፤ ስለዚህ ሳይፈራ ሊሄድ መነሣቱ ግዴለሽነት ላይሆን ይችላል። ያን ሌሊት ያየሽውን፣ እንዴት እንደወደቀ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ልጆቹ ነቅተው ከነበረም እነሱ ምን እንዳሉ፣ በረጋ ድምፅ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ካልነገርሽው ከዚያ ጀምሪ። ማታ ሲጠጣ አይሁን። ጠዋት ገና ሲንቀጠቀጥም አይሁን፤ አፍሮና ተጨንቆ ባለበት ሰዓት ነው። ረፋድ ላይ ትንሽ ሲረጋጋ፣ ቤቱ ፀጥ ሲል፣ ቡና አፍልተሽ ይሁን። "አትሂድ" አትበዪው። "ስለትህን እንድትፈጽም አምና የወደቅክባትን ሌሊት በሐኪም እጅ እንለፋት" በዪው።

አማትሽን ከሱ በፊት ማነጋገሩ የሚሻል ይመስለኛል። እሳቸው ልጃቸው እንዲድን የሚፈልጉ እናት ናቸው፤ ክርክር ከገጠምሽ ጸበሉን የምትቃወሚ ይመስላቸዋል። የንስሐ አባታችሁን አብረሽ ብታናግሪስ? ቤተ ክርስቲያናችን የታመመን ሰው በጾም አታስጨንቅም፤ አባ ራሳቸው "መድኃኒትህን ውሰድ፣ ምግብህን ብላ፣ ጸበሉን በኋላ ትጠመቃለህ" ቢሉ ከኔም ከሐኪሙም ይልቅ ይሰሙታል። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ጸበል መሄዱን የሚከለክል ነገር የለም፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ፣ ምግቡም የጾም ቢሆን እንኳን የሚያጠግብ ይሁን። ሽሮ፣ ምስር፣ አተር ክክ፣ ጎመን ይብላ፤ በጥሬ ብቻ ሁለት ሱባዔ ግን ለዘንድሮ ይቅርበት።

ሐኪም ቤት የሚቆይባቸው ቀናት ሰውነቱን ከአደጋ ያወጡታል እንጂ የመጠጣት ፍላጎቱን አያጠፉለትም። እንቅልፍ ማጣቱና ድብርቱ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የክትትል ቀጠሮ ይዛችሁ ውጡ። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነውና ሌላ ደብዳቤ ብትጽፊልኝ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ለዚህ ሳምንት ግን ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ። ዛሬ ወይም ነገ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄደሽ፣ ባለቤትሽ ባይመጣም ብቻሽን ገብተሽ፣ "ድንገት ሲያቆም የሚወድቅ ሰው አለኝ፤ ተኝቶ እንዲያቆም ለሐምሌ 22 አልጋ ማግኘት እንችላለን?" ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ መልሱን ይዘሽ ረፋዱ ላይ ቡናውን አፍዪ።